ምላሽ ባለማግኘቴ በትህትና

ለሳሙና ፋብሪካው ማስታወሻ ይሆናል ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «ለአቶ ዘርሁን። ለመሆኑ በሕይወት አሉ?»

ወይዘሮ የሺወርቅ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። የዩኒቨርሲቲያችን የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ አስተባባሪ ናቸው፤ ማንኛውም ተማሪ ለኢንተርንሺፕ ፋብሪካ የሚገባው በእሳቸው እጅ አልፎ ነው። እስከ መጨረሻው አነበቡና ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው መለሱልኝ።

«ጣቢታ፣ ይሄ ክትትል አይደለም፤ ድንጋይ ነው። ድንጋይ መወርወር ካማረሽ እዚያው ሰፈራችሁ የሚወረወርበት አለልሽ።»

እውነታቸውን ነው። ዓመቱ ሁለት ሺህ ስምንት ነው። ማስተር ፕላኑ የገበሬውን መሬት ሊውጥ ነው ተብሎ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ሁሉ ተቆጥተዋል። የኛ ሰበታ አንድ ቀን መንገዱ ይዘጋል፣ በማግስቱ ይከፈታል፤ ጠዋት ወጥቼ ታክሲ ካገኘሁ ክፍል እገባለሁ፣ ካጣሁ እስከ አየር ጤና በእግሬ እኳትናለሁ። ሰው ሁሉ በመሬት ተቆጥቶ ሳለ እኔ ብቻዬን በአንድ ደብዳቤ ተቃጥያለሁ። ቁጣዬ ግን ከማንም አያንስም ነበር።

ነገሩ ይሄ ነው። የአራተኛ ዓመት የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። በሁለተኛው ሴሚስተር ሁላችንም ፋብሪካ ገብተን መሥራት አለብን፤ ያለዚያ ምረቃ የለም። ዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይጽፍልሻል፣ አንቺ ለፋብሪካው ታስገቢያለሽ፣ ፋብሪካው ተቀብያታለሁ ብሎ በማኅተም ይመልሳል። ያ መልስ እስከ ጥር መጨረሻ ትምህርት ክፍሉ ካልደረሰ ከጓደኞችሽ ተለይተሽ ከታች ካለው ባች ጋር ዓመት ትጠብቂያለሽ። ቡራዩ ያለ የቀለም ፋብሪካ አንቀበልም አለኝ። ሱሉልታ ያለ የውሃ ማሸጊያ «ቦታ ሞልቷል» አለኝ። እነሱ እግዜር ይስጣቸው፣ እንቢ ማለትም መልስ ነው። ሰበታ ያለው ሳሙና ፋብሪካ ግን ኅዳር ውስጥ ያስገባሁለትን ደብዳቤ ይዞ ዝም አለ። ገና አለፈ፣ ጥር ገባ፣ ዝም።

የዝምታውን ምክንያት አውቃለሁ ብዬ አስቤ ነበር። የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ ዘርሁን ነው። አቶ ዘርሁን ደግሞ የአባቴ ጠላት ነው።

አባቴ ካሣዬ ከከምባታ በጎልማሳነቱ መጥቶ እዚያ ፋብሪካ በቦይለር ኦፕሬተርነት ያገለገለ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የእንፋሎቱ ቫልቭ ፈንድቶ አንገቱንና ግራ ክንዱን ቀቀለው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አቶ ዘርሁን የአደጋ ሪፖርት ጻፈ። «አደጋው የደረሰው በኦፕሬተሩ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» አለ። አባቴ ከአልጋው ሲነሳ ከሥራው ተሰናብቶ ነበር። የዚያን ቀን፣ በሕይወቱ ክፉ ቃል ወጥቶት የማያውቀው ሰውዬ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ይህን የጻፈ እጅ አይባረክ» ብሎ ረገመ። አሁን የቤተ ክርስቲያናችን ዘበኛ ነው። በሙቀትም በብርድም አንገቱ ላይ ፎጣ ይጠመጥማል።

ታዲያ እዚያ ለምን አመለከትሽ የሚለኝ ሰው ይኖራል። ለዚያው ነዋ! ነጭ ጋወን ለብሼ፣ መታወቂያ ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ በዚያ በር ልገባ ነው። ቦይለር ክፍሉን ልመረምር፣ በሪፖርቴ ላይ ልጽፈው፣ አቶ ዘርሁን በየቀኑ የካሣዬን ልጅ እያየ ምሳው እንዲያንቀው ላደርግ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዓመት ከሚቃጠልብኝ ይልቅ ይህ በቀል እንዳያመልጠኝ ነበር የምፈራው፤ አሁን ሁለቱም በአንድ ደብዳቤ ላይ ተንጠልጥለዋል።

«ተቀመጪ፤ እንደ ሰው እንጻፈው» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ።

«እሱን ሰውዬ በትህትና?»

«በትህትና። መጀመሪያ የትብብር ደብዳቤሽን ቁጥርና ቀን ጥቀሺ፤ ፍለጋ አይግቡ። ቅጂውን አያይዢ፤ የመጀመሪያው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ለምን ዘገያችሁ አትበይ፤ ሥራ እንደሚደራረብባችሁ እረዳለሁ በይ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ ጥያቄዬ ምን ላይ ደረሰ? ዩኒቨርሲቲው መልሱን የሚፈልግበትን ቀን ንገሪያቸው፤ እንደ ማስፈራሪያ ሳይሆን እንደ መረጃ። ባይሳካም ቢያሳውቁኝ በይ። ስልክሽን ጻፊ፣ አመስግኚ፣ ፈርሚ። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት አፍሽን ያዢ። በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ይታዘንለታል እንጂ አይከበርም።»

እሳቸው ሲናገሩ እኔ ጻፍኩ። «ሥራ እንደሚደራረብባችሁ እረዳለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው፤ ሌላ ወረቀት ሰጡኝ።

«በነገራችን ላይ» አሉ ስጨርስ፣ «የመጀመሪያውን ስታስገቢ መዝገብ ቤታቸው ቅጂሽ ላይ ገቢ የሚል ማኅተም መትቶልሻል አይደል?»

አልመታልኝም። መዝገብ ቤት የሚባል ቦታ አልደረስኩማ። ያን ሰሞን ፋብሪካው በሩን ጠርቅሞ ለማያውቀው ሰው አይከፍትም ነበር፤ ደብዳቤውን የሰጠሁት ለፈታሿ ለገለቴ ነው። ወይዘሮ የሺወርቅ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እንግዲያማ መድረሱንም አናውቅም። መጀመሪያ መድረሱን ጠይቂ፤ ሳይደርሰው የተቆጣሽው ሰው ቢሆንስ?»

ይህን አልሰማሁም። ማለቴ ጆሮዬ ሰምቷል፤ ልቤ ግን ከዘርሁን ሌላ ጥፋተኛ አልፈለገም።

በማግስቱ በሩ ላይ ቆምኩ። ገለቴ በቆርቆሮዋ ቤት መስኮት አንገቷን ብቅ አደረገች።

«አካም ጅርታ ጣቢታ! ዛሬም ደብዳቤ?»

«ዛሬም። የኅዳሩን ለሰው ሀብት አድርሰሽልኝ ነበር?»

«እኔ ለጥበቃ ኃላፊው ነው የምሰጠው። ትእዛዝ ነው። ከከተማ የመጣ ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ በእሱ በኩል ያልፋል።»

«መዝገብ ቤት ልግባና ገቢ ያስመታልኝ።»

«ማሎ፣ እባክሽ! እኔንስ እንጀራዬን ልታሳጪኝ ነው? ማንም እንዳይገባ ተብሏል። ስልክ ደውይ።»

ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፣ ማንም አያነሳም። ትህትና የሞላበትን ደብዳቤ ለገለቴ ሰጥቼ ተመለስኩ። ሳምንት ጠበቅሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን ከእጄ አላወጣሁም፤ ጸሎት ቤት ውስጥ ሳይቀር ይዤው ነበር፣ እናቴ ቦሰና በክርኗ እስክትጎሽመኝ ድረስ። ምንም የለም። በሳምንቱ መጨረሻ እራት ላይ ተነሳሁና አቶ ዘርሁንን ከዘር ማንዘሩ ሰደብኩት። ሆን ብሎ ነው አልኩ። አንተን አቃጥሎ አልበቃ ብሎት እኔን በዝምታ ሊያቃጥል ነው አልኩ። አንድ ቀን እጄ ይገባል አልኩ።

አባቴ ጎመኑን እያላመጠ ሰማኝ። ከዋጠ በኋላ፣ «ሰው ዝም ሲል ቅያሜ አለው» አለ።

«እሱ ነው እንዴ የሚቀየመው?»

«ረግሜው የለ።»

ሌላ አልተናገረም። እኔም የተናደድኩበት ስለበዛ ምን እንዳሰበ አልጠረጠርኩም። አባቴ ባደገበት አገር፣ ሰው ለጥያቄህ መልስ ከከለከለህ በመካከላችሁ የተቀበረ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሽማግሌ ልከህ ይቅርታ ጠይቀህ ታወጣዋለህ። የመዝገብ ቤት፣ የገቢ ቁጥር፣ የጥበቃ ኃላፊ የሚባል ነገር በእሱ ሒሳብ ውስጥ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ አባቴ ቤት የለም። እናቴ ዓይኗን ሰበረች። «ከነኦቦ ከሊፋ ጋር ወጥተዋል» አለች። «የት?» አልኳት። ስትንተባተብ ነገሩ ገባኝ። ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ሮጥኩ።

ስደርስ ሦስቱ በሩ ላይ ቆመዋል። መካከል ኦቦ ከሊፋ፤ ገበያው ጫፍ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ የዚያኑ ፋብሪካ ሳሙና በካርቶን የሚሸጡ፣ በሰበታ የተጣላ ሁሉ የሚፈራቸው ሽማግሌ። ነጭ ቆባቸውን አድርገው ከዘራቸውን ይዘዋል። በቀኛቸው አቶ እውነቱ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ባለ ሙሉ ሱፍ። በግራቸው አባቴ፣ ፎጣውን ጠምጥሞ። ሦስቱም በእጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል። ሳሩ የኦቦ ከሊፋ ትእዛዝ መሆን አለበት፤ በእሳቸው አገር ለሰላም የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም።

እንግዲህ አስቡት። ያ ሰሞን ነው። ባለፈው ሳምንት ከመንገዱ ማዶ ጎማ ተቃጥሏል። የፋብሪካው ሹማምንት በፍርሃት ግማሾቹ እዚያው ግቢ ውስጥ እየተኙ ነው። በዚህ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ሳር ይዘው በሩ ላይ ቆመው «የሚመለከተውን ሰው ጥሩልን» ይላሉ።

ገለቴ ወደ ውስጥ በረረች። ብዙም ሳይቆይ ያ ለኔ ኅዳርን ሙሉ፣ ታኅሣሥን ሙሉ ያልተከፈተ በር ወለል ብሎ ተከፈተና ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ውብአየሁ ራሳቸው፣ ኮታቸውን እየቆለፉ፣ ወገባቸው እስኪሰበር እጅ እየነሱ ወጡ። «ግቡ አባቶቼ፣ ግቡ! ምነው በር ላይ?» እኔም ልገባ ስል ገለቴ ደረቴን ያዘችኝ። «አንቺ አልተጠራሽም፤ ሽማግሌዎቹን ብቻ ነው ያሉት።» እዚያው ቀረሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ አልገባሁም።

ውስጥ የሆነውን ኋላ ኦቦ ከሊፋ ነገሩኝ። ወንበር ቀረበላቸው፣ ለስላሳ ተከፈተላቸው። አቶ ውብአየሁ ሳይጠየቁ መናዘዝ ጀመሩ። ስለ ፋብሪካው ፍሳሽ ጉድጓድ እያስቆፈርን ነው፣ ስለ ወጣቶቹ ቅጥርም ኮሚቴ አቋቁመናል፣ መንገዱንም ቢሆን ጠጠር እናለብሳለን አሉ። ኦቦ ከሊፋ ፋንታቸውን እየጠጡ ሰሟቸው፤ ነጋዴ ናቸው፣ ያልጠየቁት ነገር ሲቀርብላቸው አያቋርጡም።

በመጨረሻ፣ «ለዚያ ጉዳይ ሌሎች ይመጣሉ» አሉ። «እኛ የመጣነው ለደብዳቤ ነው። ልጃችን ኅዳር ላይ ማመልከቻ አስገብታለች። ሥራ እንደበዛባችሁ እናውቃለን፣ ጊዜውም ጊዜ አይደለም። ደርሷችሁ እንደሆነ፣ ደርሷችሁም ምን ላይ እንዳለ ልንጠይቅ ነው። እሺም ቢሆን እንቢም ቢሆን በጥር ውስጥ ቃል ብትሰጧት እናመሰግናለን።»

ወይዘሮ የሺወርቅ ቢሰሙ ኖሮ ኦቦ ከሊፋን በረዳትነት ይቀጥሯቸው ነበር።

አቶ ውብአየሁ መጀመሪያ አላመኑም። ይሄ ብቻ? ሲያምኑ ደግሞ የደስታቸው ብዛት ወንበራቸውን ሊጥል ደረሰ። አቶ ዘርሁን ተጠራ። አቶ ዘርሁን «የየቷ ልጅ? የምን ማመልከቻ?» አለ። የጥበቃ ኃላፊው ተጠራ። የጥበቃ ኃላፊው ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ጎትቶ አመጣ። ከኅዳር ጀምሮ በበሩ በኩል የገባ ወረቀት ሁሉ፣ የከተማው ሰው ማስፈራሪያ ይሆናል ተብሎ፣ ሳይከፈት እዚያ ተከማችቷል። የሠርግ ጥሪ አለበት። የመብራት ኃይል ማሳሰቢያ አለበት። የኔ ሁለቱም አሉበት፣ የኅዳሩም የጥሩም። የጥሩ ተከፍቶ ሲነበብ አቶ ውብአየሁ «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት» አሉ ተባለ። በተቀደደው ወረቀት ላይ የጀመርኩትን አላዩ።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሽማግሌዎቹን ጉንጫቸውን እስማቸው ነበር። ግን አባቴ ተነሳ። አቶ ውብአየሁን «ጌታዬ፣ የቀረው የሁለታችን ጉዳይ ነው» አላቸው፤ እሳቸውም ተገላግለው ወጡ። አባቴ ዘርሁን ፊት ቆሞ እርጥቡን ሳር ዘረጋለት። «ረግሜዎታለሁ። ልጄ በኔ እርግማን እንዳትቀር ይቅር ይበሉኝ» አለው።

ይህን ስሰማ የያዘኝን ነገር እንዴት ልንገራችሁ። የተቀቀለው አባቴ! ቀቃዩን ይቅርታ ጠየቀው! ያውም ፎጣው ሥር የተላጠ ቆዳውን ደብቆ፣ እሱን እንዳይከፋው ብሎ!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኦቦ ከሊፋ አልነገሩኝም። የዕርቅ ነገር አይወጣም ብለው ምለዋል። መሐላቸውን ለባለቤታቸው ለመብሩካ ብቻ አፈረሱ፤ ለመብሩካ የተነገረ ደግሞ ለሰበታ የተነገረ ነው፣ በዚያው ማታ ለእናቴ ደረሳት። ዘርሁን ሳሩን ሲያይ ተንበረከከ አለችኝ እናቴ። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ቫልቩ መበላሸቱን ቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ ግዢውን ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ ራሴን ለማዳን በአንተ ላይ ጻፍኩ» ብሎ አለቀሰ። አባቴ አነሳው። ተቃቀፉ። አቶ እውነቱ ጸለዩ፣ ኦቦ ከሊፋ ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም አሚን አሉ። ነገሩ አለቀ ተባለ። ካለቀ በኋላ ያነሳ ሰው በዳዩ እሱ ነው።

ሰኞ ባለ ማኅተም የተቀባይነት ደብዳቤዬ ወጣ። ለወይዘሮ የሺወርቅ አደረስኩት፤ ዓመቴ ተረፈ። በዚያው ሰሞን ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ሰፈራችን ግን አላመነም፤ እኔም ዘርሁንን አላመንኩም። እንባ አላምንም። እንባ ይደርቃል፣ ወረቀት ይቀመጣል። የአባቴ ስም ያኔም በፋብሪካው መዝገብ ውስጥ «ጥንቃቄ የጎደለው» እንደተባለ ተቀምጦ ነበር፤ ዘርሁን ግን አልቅሶ ቀለለው፣ ቤቱ ገብቶ ተኛ።

የካቲት ላይ ጋወኔን ለብሼ ገባሁ። ገለቴ እየሳቀች ፈተሸችኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አቶ ዘርሁን ላቦራቶሪው ድረስ መጣ። ሸብቷል። መታወቂያዬን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ልጄ፣ አባትሽ ይቅር ብሎኛል። አንቺም እንደሱ…»

«እኔ እዚያ አልነበርኩም» አልኩት። «በር ላይ አስቀርታችሁኛል።»

«እኔ የማደርገው ነገር ካለ…»

«አለ። የጻፉትን በጽሑፍ ያንሱ። ቫልቩ መበላሸቱን፣ ኦፕሬተሩ ጥፋት እንደሌለበት፣ በፊርማና በማኅተም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ሽማግሌ ፊት ማልቀስ ሌላ ነው፣ መዝገብ ላይ መጻፍ ሌላ ነው። «እስቲ አስብበታለሁ» አለና ሄደ። ሄደና ዝም አለ። ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ወደ ሽንት ቤት ይታጠፋል። ምሳ ሰዓት ይቀያይራል። ሳምንታት አለፉ።

ያኔ ሳቅሁ። ዝም የሚል ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ ተምሬያለሁ እኮ!

ጋወኔን አውልቄ ተቀመጥኩና ጻፍኩ። «ለሰው ሀብት ክፍል። ጉዳዩ፦ በቃል ያቀረብኩትን ጥያቄ ይመለከታል። በሥራ መደራረብ ምክንያት ሊዘገይ እንደሚችል እረዳለሁ። ጥያቄዬ የደረሰበትን ደረጃ ቢያሳውቁኝ። ባይሳካም በጽሑፍ ቢገልጹልኝ። ከታላቅ አክብሮት ጋር።» እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር ጽፌ አላውቅም። እያንዳንዱ «በትህትና» እጄን ያሞቀኝ ነበር። አሁን መዝገብ ቤቱ ለኔ ክፍት ነው፤ በሁለት ቅጂ ሰጥቼ በአንዱ ላይ ገቢ አስመታሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ «ምንድነው?» ስትለኝ «ትንሽ ክትትል ነው» አልኳት።

መልስ የለም። ተጨነቀ ሲሉ ሰማሁ፤ ክብደቱ ቀነሰ፣ እንቅልፍ የለውም አሉ። ማር ማር አለኝ። አባቴ ወሬው ደርሶት ጠራኝ። «ነገሩ አልቋል ብለናል እኮ» አለኝ።

«የአንተ አልቋል አባዬ። የኔ ገና ገቢ ሆኖ ነው።»

ትኩር ብሎ አየኝና ፎጣውን አጠበቀ። አልከለከለኝም። ለምን እንዳልከለከለኝ አልጠየቅሁትም።

ሳምንት ሞልቶ ሲያልፍ ሁለተኛውን አስገባሁ። ቃሉ ያው የመጀመሪያው ነው፤ እንዲያውም ይበልጥ ለስላሳ ነው፤ ጤናዎን ይስጥልኝ የሚል ጨምሬበታለሁ። ከታች ግን አንድ መስመር አከልኩ። «ግልባጭ፦ ለዋና ሥራ አስኪያጅ ቢሮ።» የአማርኛ ደብዳቤ ጥርሱ ከታች ነው። ግልባጩን አላስገባሁም፤ ለአቶ ዘርሁን የሚደርሰው ወረቀት ላይ ብቻ ነው የጻፍኩት፣ ከጎኑ በእርሳስ «የፊታችን ሰኞ የሚላክ» ብዬ።

ዓርብ ከሰዓት መጣ። እኔ የሳሙናውን ናሙና እየመዘንኩ ነበር። በሩን አንኳኳ፤ በገዛ ፋብሪካው ውስጥ የተማሪ በር አንኳኳ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈው የአደጋ ሪፖርት ስለ ኦፕሬተር ካሣዬ የሚለው ስሕተት መሆኑን፣ ቫልቩ ከአደጋው በፊት መበላሸቱ ተነግሮ እንደነበር፣ ግዢውን ያዘገየውም ይህን የፈረመው ሰው ራሱ መሆኑን ይላል። ፊርማ፣ ማኅተም። ግልባጩን ደግሞ ራሱ ጽፎታል፤ ለዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለአቶ ካሣዬ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማኅተሙን በጣቴ ነካሁት፤ ቀለሙ አልደረቀም። አቶ ዘርሁን ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። በዚህ ወረቀት ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። የተቀቀለ አንገት ግን ተመልሶ አይበቅልም።

«በጽሑፍ አልሽኝ፣ በጽሑፍ አደረግሁ» አለ። «እንግዲህ ይቅር ትይኛለሽ?»

ወረቀቱን አጥፌ ጋወኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩና በወይዘሮ የሺወርቅ ትህትና ፈገግ አልኩለት።

«ጥያቄዎ ደርሶናል አቶ ዘርሁን። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ውጤቱን እናሳውቅዎታለን» አልኩት።

ይኸው እስከዛሬ አላሳወቅሁትም።